ላፕቶፕ ተንቀራፈፈብኝ ለምትሉ

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ «ቲቸር፣ አሮጌው ላፕቶፔ ለመነሳት አምስት ደቂቃ ይፈጅበታል። ኤንቪኤምኢ ልግዛለት?» አለኝ። ተው አልኩት። ላፕቶፑ ሃርድ ዲስኩን የሚሰካበት የሳታ ቦታ እንጂ የኤንቪኤምኢ መሰኪያ የለውም። ቢኖረውም ለእሱ ሥራ ብዙ አይጨምርለትም።

ሃርድ ዲስክን የሚያዘገየው ማንበቢያው በሚሽከረከረው ሳህን ላይ ትንንሽ ፋይሎችን እየተመላለሰ መፈለጉ ነው፤ በሰከንድ ቢበዛ መቶ፣ ሁለት መቶ ቦታ ቢደርስ ነው። ሳታ ኤስኤስዲ የሚዞር ነገር ስለሌለው በአስር ሺዎች ይደርሳል። ትልቁ ለውጥ እዚህ ጋ ነው።

ኤንቪኤምኢ ከሳታ ስድስት እጥፍና ከዚያም በላይ ሊፈጥን ይችላል፤ ግን ፍጥነቱ የሚታየው ትልልቅ ቪዲዮ ለሚያቀናብር ነው። ለዎርድና ለብራውዘር እምብዛም አይታወቅም።

የወጣውን ሃርድ ዲስክ ግን እንዳትጥሉት! ጤነኛ ከሆነ ኬዝ ገዝታችሁ የፎቶዎቻችሁን ሁለተኛ ቅጂ አስቀምጡበት።