«እንደውላለን» ካሉን በኋላ

ቃለ መጠይቅ ጨርሰን ስንወጣ የምንሰማት የመጨረሻ ቃል «እንደውላለን» ናት። ከዚያ አንድ ሳምንት ያልፋል፤ ስልኩም ዝም። ደባርቅና ዳባት ላይ ደግሞ የፈተነንን ሰው ገበያ መሐል ወይም ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ማግኘታችን አይቀርም። ስለዚህ ሁለት ነገሮች ይፈታተኑናል። አንዱ መንገድ ላይ አስቁሞ መጠየቅ ነው። ሌላው «አጎትሽ ያውቀው የለ? አንድ ቃል ይበልልሽ» የሚለው የቤት ምክር ነው። ሁለቱም አያዋጡም እንላለን። በወጉ መጠየቅ ግን ያዋጣል፤ ልመናም አይደለም።

በመጀመሪያ ዝምታው ከየት እንደሚመጣ እንይ። መንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ቃለ መጠይቁ ሲያልቅ ሥራው አላለቀም። ፈታኞቹ የየራሳቸውን ነጥብ ይሰጣሉ፤ የጽሑፍ ፈተና ካለ ይደመራል፤ ቃለ ጉባኤ ይጻፋል፤ ኮሚቴው ይፈርማል፤ ከዚያ ኃላፊው ያጸድቃል። ከፈራሚዎቹ አንዱ መስክ ከወጣ ወይም ኃላፊው ጎንደር ስብሰባ ከሄደ ወረቀቱ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ይተኛል። በሰሜን ተራሮች ግርጌ ሎጅ ላይ የተወዳደረም ቢሆን የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ባለቤት ሌላ ከተማ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ የአንድ ሳምንት ዝምታ «አላለፍሽም» ማለት ነው ብለን ተስፋ ለመቁረጥ ገና ነው።

የሚጠየቀው ጥያቄም ከዚህ ይወጣል። «አለፍኩ ወይ?» ብንል ቃለ ጉባኤው ሳይጸድቅ ማንም ሊመልስልን አይችልም፤ የመለሰልንም ራሱን ጣጣ ውስጥ ይከታል። «ውጤቱ መቼ ይገለጻል?» ብንል ግን ማንም ሳይሳቀቅ የሚመልሰው ጥያቄ ነው። የሚጠየቀውም ፈታኙ ሳይሆን የሰው ኃይል ክፍሉ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የዳባት ልጅ ናት፤ የካቲት 6 ቀን ደባርቅ ላይ ለሕዝብ ግንኙነት ባለሙያነት ተፈተነች። የካቲት 13 ደረሰ፤ የደወለላት የለም። ሁለቱ ከተሞች የሚራራቁት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ለአንድ ጥያቄ ደርሶ መልስ መክፈል ለሥራ ፈላጊ ቀላል አይደለም። መጀመሪያ ደባርቅ ያለች ጓደኛዋ የመሥሪያ ቤቱን ማስታወቂያ ሰሌዳ እንድታይላት ትጠይቃለች። ውጤቱ ተለጥፎ ከሆነ ስልክ መደወሉ ትርፍ ነው። ካልተለጠፈ ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ ትደውላለች። ዓርብ ከሆነ ግን ከ5:30 እስከ 7:30 ያለው ረጅሙ የምሳ ሰዓት ስለሆነ ቢሮ ሰው አይኖርም። የምትለውም ይህን ያህል ነው፦

«ጤና ይስጥልኝ። የካቲት 6 ቀን ለሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ መደብ ቃለ መጠይቅ ያደረግሁ ተወዳዳሪ ነኝ። ሥራው በሂደት ላይ እንደሚሆን እገምታለሁ። ውጤቱ መቼ እንደሚገለጽ ቢነግሩኝ አመሰግናለሁ። ስልኬ ካልሠራ የሚያገኙኝ በሌላ ቁጥር ስለሆነ ቢመዘግቡልኝ።»

ሁለተኛው ቁጥር ተራ ነገር እንዳይመስለን። በተራሮቹ ግርጌ ኔትወርክ ሲመጣ ሲሄድ ይውላል፤ ደውለው አጥተውን ወደ ተጠባባቂው አልፈው ሊሆን ይችላል። ኢሜይል ብቻ ልኮ መቀመጥም አያስተማምንም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር አንረሳውም።

ቀጥሎ መልሱን ማንበብ ነው። «እስከ ሐሙስ ይለጠፋል» ከተባለች ሐሙስ እስኪያልፍ አትደውልም። «ገና ነው፣ እንደውላለን» ብቻ ከሆነ አንድ ሳምንት ጠብቃ አንድ ጊዜ ብቻ ትደግማለች። ከዚያም ቀን ካልተቆረጠላት ወይም ያው መደብ እንደገና ማስታወቂያ ከወጣበት ፊቷን ወደ ሌላ ታዞራለች። ከመጀመሪያውኑ «በሁለት ሳምንት እናሳውቃለን» ተብላ ከነበረ ግን የአንድ ሳምንት ዝምታ ዝምታ አይባልም፤ ቀጠሮ ነው።

የአጎትየውን ነገር እንጨርሰው። አጎት ከገባበት በኋላ ልጅቷ በችሎታዋ ብታልፍ እንኳ ከተማው «በዘመድ ገባች» ይላል፤ የወደቀውም ተወዳዳሪ አቤቱታ የሚጽፍበት ምክንያት ያገኛል። ገበያ ላይ ያገኘነውን ፈታኝም እንደ ወጉ ሰላምታ ሰጥተን፣ ስለ ሥራው ሳናነሣ ብናልፍ እሱም እኛም እንከበራለን።

ለቀጣሪዎችም አንድ ቃል አለን። «እንደውላለን» ከማለት «እስከ የካቲት 20 ካልደወልን ሌላ ሰው መርጠናል ማለት ነው» ማለት ሳንቲም አያስወጣም። እኛ ግን ያችን ስልክ ስንጠብቅ ጎንደር የተገኘውን ሥራ እንቢ ብለን እንቀራለን።