ትሬድሚሉ ላይ 11 ወይስ 10.4?

ሰሞኑን እዚህ አዳማ አንድ ወጣት "ዶክተር፣ ቀላል ሩጫ ተብሎ የተሰጠኝ ትንፋሽ አሳጣኝ" ብሎ መጣ። ልቡንም ደም ግፊቱንም አየሁት፣ ደህና ነው። የልምምድ ፕላኑን ሳየው "5 ኪሎ ሜትር፣ እያንዳንዱን በ5:45" ይላል። ትሬድሚሉ ግን የሚቀበለው በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር የሚለውን ነው። እሱም በስልኩ 60ን ለ5.45 አካፍሎ 11 አስገባ።

ማካፈሉ ልክ ነው፤ ስህተቱ 45ቷ ላይ ነው። 45 ሰከንድ 0.45 ደቂቃ አይደለም! መጀመሪያ 45ን ለ60 ስናካፍል 0.75 ይሆናል። ከዚያ 60 ÷ 5.75 = 10.43፤ ትሬድሚሉ ላይ 10.4 ማለት ነው።

ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል አይደል? በ11 መሮጥ ግን ኪሎ ሜትሩን በ5:27 መጨረስ ነው። በየኪሎ ሜትሩ 18 ሰከንድ፣ በአምስቱ 90 ሰከንድ ፈጥኗል። ታዲያ እንዴት ቀላል ይሁንለት?

እኔ ብጠየቅ ፕላን የሚያወጡ አሰልጣኞች ሁለቱንም ቁጥር ቢጽፉ እላለሁ። ደግሞ ውጭ፣ በአዳማ የቀትር ሙቀት ስትሮጡ ትክክለኛው 10.4ም ሊከብዳችሁ ይችላል። አጠገባችሁ ካለ ሰው ጋር እያወራችሁ መሮጥ ካቃታችሁ ፍጥነቱን ቀንሱ። ደረት ላይ ሕመም ወይም ማዞር ካለ ግን ሂሳቡን ተዉትና አቁሙ፤ ሐኪም ይያችሁ።