ስለ ቪዛ ደብዳቤ አጻጻፍ

አንባቢ ሆይ፤ በጀርመን አገር የምትኖር ልጅ እናቷ መጥተው እንዲያርሷት በፈለገች ጊዜ፥ በዚያው ወዳለው የውጭ አገር ሰዎች ጉዳይ ቢሮ ቀርባ ደመወዟን አሳይታ የግዴታ ቃል ትፈርማለች። ይህ ወረቀት አዲስ አበባ ሲደርስ ብዙዎች ነገሩ ያለቀ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ወረቀቱ የሚመሰክረው ወጪውን ማን እንደሚከፍል ነው እንጂ፥ እናትዮዋ እንደሚመለሱ አይደለም። ቪዛም ብዙ ጊዜ የሚከለከለው በዚሁ በመመለሱ ጥርጣሬ ነው።

ስለዚህ የእናትዮዋ ደብዳቤ እንዲህ ቢል ይበጃል፤ «ልጄ በግንቦት ወር ትወልዳለችና ከግንቦት 1 ቀን እስከ ሐምሌ 10 ቀን፥ 70 ቀን ከእርስዋ ዘንድ ተቀምጬ እመለሳለሁ። የመንገዴንና የኑሮዬን ወጪ ልጄ ትከፍላለች፤ የግዴታ ቃልዋ ተያይዟል። ባለቤቴ በአዲስ አበባ ይጠብቀኛል፤ በየወሩ ጡረታ እቀበላለሁ፤ የማከራየው ቤት ስላለኝ ውሉን አያይዣለሁ።»

ናፍቆትን ማብዛት አያስፈልግም፤ ሐኪሙ የጻፈው የመውለጃ ቀን ይበቃል። ቀኑ ግን በአውሮፓ አቈጣጠር ይጻፍ፤ ይህም ከሜይ 9 እስከ ጁላይ 17 መሆኑ ነው። ለአጭር ጉብኝት ከሚፈቀደው 90 ቀንም አያልፍም። ከ30,000 ዩሮ የማያንሰው የሕክምና ኢንሹራንስ ለ30 ቀን ብቻ ተገዝቶ ከሆነ፥ የደብዳቤው 70 ቀን ከወረቀቱ ጋራ ይጣላል።