ከሥራ ስትሰናበቱ ለባንክ የሚጻፈው ደብዳቤ

በዚህ ዕትም የምናየው ከሥራ የተሰናበተ ሰው ማሽካንታው ለጥቂት ወራት እንዲቀነስለት ወይም እንዲቆምለት ለባንክ የሚጽፈውን ደብዳቤ ነው።

ብዙዎቻችን «ባንክ ገንዘቡን እንጂ ችግሬን አይሰማም» ብለን ዝም እንላለን። ዝምታው ግን ያስከፍላል። ክፍያው ቀኑ ካለፈ «ፒጉር»፣ ማለት ውዝፍ ይባላል፤ በውዝፉ ላይም ከተለመደው ከፍ ያለ ወለድ ይታሰባል። ወራት ከተደራረቡ ጉዳዩ ወደ ጠበቃና ወደ ሆጻአ ላፖዓል ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ደብዳቤው የሚጻፈው ሚክታቭ ፒቱሪም እጃችሁ እንደገባ ነው፤ ገንዘቡ እስኪያልቅ አይጠበቅም። አንድም ክፍያ ሳያሳልፍ የመጣ ሰው የሚሰጠው መልስና ሦስት ወር አሳልፎ የመጣ ሰው የሚሰጠው መልስ አንድ አይደለም።

ከመጻፋችሁ በፊት ግን ምን እንደምትጠይቁ እወቁ። «እርዱኝ» ብቻ ካላችሁ ምርጫው የባንኩ ይሆናል። ልዩነቱን በምሳሌ እንየው።

አንድ የ52 ዓመት አባት 400,000 ሼቄል ማሽካንታ ቀርቶበታል እንበል። ለመጨረስ 15 ዓመት ይቀረዋል። ወለዱ በዓመት 4.8 ከመቶ ነው፤ አይለወጥም፣ ከማዳድም ጋር አልተያያዘም። በየወሩ 3,122 ሼቄል ይከፍላል። ከዚህ ውስጥ አሁን 1,600 የሚሆነው ወለድ ነው፤ ከዋናው ዕዳ የሚቀንሰው የቀረው ብቻ ነው።

የመጀመሪያው መንገድ «ግሬስ ሄልኪ» ነው። ለ6 ወር ወለዱን፣ 1,600 ሼቄሉን ብቻ ይከፍላል። ዋናው ዕዳ አይቀንስም፣ ግን አያድግም። ብድሩ በዚያው በ15 ዓመቱ እንዲያልቅ ከተፈለገ፣ ከ6 ወሩ በኋላ ወርሃዊው ክፍያ ወደ 3,195 ይወጣል። በጠቅላላው የሚጨመርበት 3,700 ሼቄል ገደማ ነው።

ሁለተኛው «ግሬስ ማሌ» ነው። ለ6 ወር ምንም አይከፍልም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ክፍያው ቆመ ማለት ወለዱ ቆመ ማለት አይደለም። ያልተከፈለው ወለድ በዋናው ዕዳ ላይ ይደመራል፣ ያ የተደመረውም ራሱ ወለድ ይወልዳል። ከ6 ወር በኋላ ዕዳው 409,700 ገደማ፣ ወርሃዊው ክፍያም 3,273 ይሆናል። ጠቅላላው ጭማሪ ወደ 7,600 ሼቄል ይጠጋል።

ሦስተኛው «ፕሪሳ መሐዳሽ» ነው፣ ማለት ዕዳውን በረዘመ ጊዜ እንደገና ማከፋፈል። 15 ዓመቱ 20 ቢሆን ወርሃዊው ወደ 2,596 ይወርዳል። ሲያዩት ደስ ይላል። ነገር ግን ወለዱ ባይለወጥ እንኳ በመጨረሻ 61,000 ሼቄል ገደማ ይጨመርበታል። ደግሞም ይህ አባት በ67 ዓመቱ፣ ልክ ጡረታ ሲወጣ ያልቅለት የነበረው ዕዳ እስከ 72 ዓመቱ ይከተለዋል። ከጡረታ ገንዘብ ላይ ማሽካንታ መክፈል ምን እንደሆነ አስቡት። ሥራው ለጥቂት ወራት ብቻ የጠፋ ከሆነ ይህን አትቸኩሉበት። ይህ መንገድ የሚሆነው ገቢው ለዘለቄታው ለቀነሰ ሰው ነው፤ ለምሳሌ በጤና ምክንያት ወደ ግማሽ ቀን ሥራ ለገባ።

እንግዲህ የትኛው ይሻላል የሚለውን የሚወስነው የቤቱ ሒሳብ ነው። አባትየው በወር 8,500፣ ባለቤቱ 4,500፣ በድምሩ 13,000 ያገኙ ነበር። አሁን ድሜ አብታላው 6,000 ቢሆን ገቢያቸው 10,500 ነው። ምግቡ፣ አርኖናው፣ መብራቱ፣ የልጆቹ ወጪ ተደምሮ 8,800 ቢሆን 1,700 ይተርፋል። ስለዚህ 3,122 አይችሉም፣ 1,600 ግን ይችላሉ። የሚጠይቁት ግሬስ ሄልኪ ነው ማለት ነው። ደብዳቤውም እንዲህ ይላል፦

ለ … ባንክ፣ ማሽካንታ ክፍል
ቀን … የብድር ቁጥር …
የሁለቱ ተበዳሪዎች ስምና የተዑዳት ዘሁት ቁጥር …
ጉዳዩ፦ ከሥራ በመሰናበቴ የ6 ወር ግሬስ ሄልኪ ስለመጠየቅ

በ … ቀን ከሥራዬ ተሰናብቻለሁ። እስካሁን በየወሩ 3,122 ሼቄል ቀን ሳናሳልፍ ከፍለናል። አሁን የቤተሰባችን ገቢ ከ13,000 ወደ 10,500 ሼቄል ወርዷል። ከማሽካንታው ሌላ ያለብን ወጪ 8,800 ነው። በወር 1,600 ሼቄል መክፈል እንችላለን።

ከሚቀጥለው ክፍያ ጀምሮ ለ6 ወር ወለዱን ብቻ እንድንከፍልና ብድሩ በተጻፈበት ጊዜ እንዲያልቅ እንጠይቃለን። ሥራ ቀድሜ ካገኘሁ አሳውቃችሁ ወደ ሙሉው ክፍያ እንመለሳለን። ከ6 ወሩ በኋላ ወርሃዊው ክፍያ ስንት እንደሚሆን፣ ጠቅላላ ጭማሪው ስንት እንደሆነ፣ ዓምላ ካለም መጠኑን በጽሑፍ እንድታሳውቁን እንለምናለን።

የሁለታችን ፊርማ

ደብዳቤው ይኸው ነው። አንድ ገጽ ይበቃል። ስለ አሠሪው በደል፣ ስለ ዘመኑ ክፋት አትጻፉበት፤ የሚያነበው ሠራተኛ የሚፈልገው ቁጥርና ቀን ነው። ከሥሩ የስንብት ደብዳቤውን፣ የሦስት ወር የደመወዝ ትሉሽ፣ የባንክ ሒሳባችሁን ዝርዝርና ድሜ አብታላ እንደተፈቀደ የሚያሳይ የብቱዋህ ሌኡሚ ወረቀት አያይዙ። ለዚህም ሲባል ሥራ እንደቆመ ወዲያው ሊሽካት ታዓሱካ ተመዝገቡ። የድሜ አብታላ ቀን በዕድሜና በቤተሰብ ብዛት ይለያያል፣ ትልቁ 175 ቀን ነው። ስድስት ወር ስትጠይቁ የእናንተ ቀን ስንት እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ደብዳቤውን በዕብራይስጥ የሚጽፍላችሁ ልጃችሁ ሊሆን ይችላል። ልጆችን በዚህ ማስጨነቅ የማይፈልግ ወላጅ በየከተማው ያለውን «ሺል» የተባለ የዜጎች ምክር አገልግሎት ይጠይቅ፤ በነጻ ነው። የቤቱን ሒሳብ ለማስተካከል ደግሞ «ፓዓሞኒም» የተባለው ድርጅት ቤተሰቦችን ይረዳል። የደብዳቤውን ቅጂ አስቀሩ፤ በእጅ ከሰጣችሁ በቅጂው ላይ «ተቀብለናል» የሚል ማኅተምና ቀን አስደርጉ።

ከዚህ በኋላ ጥንቃቄ የሚያሻቸው ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ የጽሑፍ መልስ ሳይመጣ ሆራአት ኬቫውን አታቋርጡ። በስልክ «እሺ፣ ይሆናል» መባል ፈቃድ አይደለም፤ በዚያ ተማምኖ ክፍያ ያስቆመ ሰው ፒጉር ውስጥ ይገባል። ሁለተኛ፣ የማሽካንታው የሕይወትና የቤት ኢንሹራንስ በግሬሱ ጊዜም ይከፈላል። እሱ ከተቋረጠና ክፉ ነገር ከመጣ ዕዳው በቤተሰቡ ላይ ይወድቃል። ሦስተኛ፣ ወንድም ወይም አማች ዓሬቭ ሆኖ ፈርሞላችሁ ከነበረ ከባንኩ ከመስማቱ በፊት ከእናንተ ይስማ። ባንኩ ለለውጡ የእሱንም ፊርማ ሊጠይቅ ይችላል።

ባንኩ እሺ የማለት ግዴታ የለበትም። እምቢ ካለ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ፣ ከዚያም እዚያው ባንክ ውስጥ ላለው የሕዝብ አቤቱታ ሰሚ ጻፉ። ከሱም መልስ ካላገኛችሁ ወይም መልሱ ካላረካችሁ ለእስራኤል ማዕከላዊ ባንክ የባንኮች ቁጥጥር ክፍል ማመልከት ይቻላል። እዚያም የሚጠይቋችሁ ያን የመጀመሪያውን ደብዳቤ፣ ማኅተምና ቀን ያለበትን ቅጂ ነው።