«በሩ አልተሰበረም»፤ ታዲያ ሌባው በየት ወጣ?

የመድን ድርጅት ካሳ ሲከለክል የሚጽፈው ደብዳቤ አጭር ነው። የተከለከለው ነጋዴ መልስ ግን ብዙ ጊዜ ረጅም እሮሮ ይሆናል፤ ለስንት ዓመት ዓረቦን እንደከፈለ፣ ቤተሰቡ እንዴት እንደተቸገረ ይዘረዝራል። ይግባኙን የሚያየው ኃላፊ ቢያዝንለት እንኳ ውሳኔውን የሚቀይርበት ምክንያት አያገኝም። ምክንያቱ ያለው በፖሊሲው ቃልና በነጋዴው መዝገብ ውስጥ ነው።

መርካቶ ያለ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ በሌሊት ተዘረፈ እንበል። ድርጅቱ «በሩ ስላልተሰበረ በኃይል የተፈጸመ ስርቆት አይደለም» ብሎ ከለከለ። የዝርፊያ መድን ፖሊሲዎች የተለመደ አገላለጽ ግን «በኃይል መግባት ወይም መውጣት» የሚል ነው። ቀን ገብቶ ተደብቆ፣ ሌሊት ጣራ ፈልቅቆ የወጣ ሌባ በሩን አይነካም። ስለዚህ ይግባኙ አንቀጹን ቃል በቃል ይጥቀስ፤ ከፖሊስ ሪፖርቱ ጋር ቆርቆሮው ከውስጥ ወደ ውጭ መታጠፉን፣ ሚስማሩም መነቀሉን በቅርብ የሚያሳይ ፎቶ ያያይዝ። ጣራው ከመጠገኑ በፊት ፎቶው ካልተነሳ ማስረጃው ጠፋ ማለት ነው።

ሁለተኛው መከልከያ «በቆጠራ የተገኘ ጉድለት አይካስም» የሚለው ነው። ይህ አንቀጽ የታሰበው መቼና እንዴት እንደጠፋ ለማይታወቅ ዕቃ ነው። መልሱ ሒሳብ ነው። በመጨረሻው ቆጠራ 1,800,000 ብር የሚያወጣ ዕቃ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በደረሰኝ የተገዛው 900,000 ብር ነው። የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኑ ከታክስ በፊት 1,250,000 ብር ሽያጭ ያሳያል። ነጋዴው በግዢ ዋጋ ላይ 25 በመቶ ስለሚጨምር፣ የተሸጠው ዕቃ የግዢ ዋጋ 1,000,000 ብር ነው። ስለዚህ 1,700,000 ብር የሚያወጣ ዕቃ መኖር ነበረበት። በማግስቱ ጠዋት የተቆጠረው 1,050,000 ከሆነ፣ የጠፋው 650,000 ብር ነው። ሽያጩን በመሸጫ ዋጋው የቀነሰ ሰው ግን 400,000 ብቻ ጠይቆ 250,000 ብር በገዛ እጁ ይተዋል። የመጨረሻው ቆጠራ በቆየ ቁጥር ደግሞ ሒሳቡ ለጥርጣሬ ይጋለጣል፤ የየወሩ ቆጠራ ጥቅሙ የሚታየው ያን ጊዜ ነው።

ጉዳቱ መድረሱንና መጠኑን ማስረዳት የጠያቂው ሸክም ነው። በማግለያ አንቀጽ የሚከላከል ድርጅት ግን አንቀጹ ለዚህ ጉዳይ እንደሚሠራ ራሱ ማሳየት አለበት። «ከሽፋን ውጪ ነው» ብሎ አንቀጹን ሳይጠቅስ የከለከለ ድርጅት ቁጥሩንና የገማቹን ሪፖርት እንዲሰጥ በጽሑፍ ይጠየቅ። ካልሰጠ፣ ዝምታው ራሱ ለመድን ተቆጣጣሪው ለብሔራዊ ባንክ በሚቀርበው አቤቱታ ላይ ይጻፍ።

ደብዳቤ መመላለሱ ግን ቀኑን እንዳያስረሳ። አሁንም በሥራ ላይ ባለው የ1952ቱ የንግድ ሕግ የመድን ክፍል፣ በአንቀጽ 674 መሠረት፣ የካሳ ጥያቄ በሁለት ዓመት ይርጋ ይታገዳል። ድርጅቱ «እያየነው ነው» እያለ ወራቱን ከገፋ፣ ትዕግሥት መብት ያሳጣል፤ ጊዜው ሳያልፍ ክሱ ይከፈት።