የደረሰኝ ፎቶ የማይናገረው ነገር

በርካታ አነስተኛ ድርጅቶች የግዢ ደረሰኞቻቸውን በስልክ ፎቶ አንሥተው ለሒሳብ ሠራተኛቸው መላክ ለምደዋል። ሠራተኛው በወሩ መጨረሻ የተከማቹትን ፎቶዎች እያየ ወጪዎቹን በየሒሳብ መደባቸው ይከፋፍላል። የዚህ ጽሑፍ አቋም ይህ ቅደም ተከተል ሊለወጥ ይገባል የሚል ነው። መደቡን የሚወስነው መረጃ ያለው ገዢው ዘንድ በመሆኑ፣ ሊመዘገብ የሚገባው በግዢው ዕለት ነው።

ደረሰኝ የተሸጠውን ዕቃ፣ ብዛቱን፣ ዋጋውንና ታክሱን ይናገራል፤ ዕቃው ለምን እንደተገዛ ግን አይናገርም። የሒሳብ መደቡ ደግሞ የሚወሰነው ዕቃው በዋለበት ጉዳይ ነው።

ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበ አንድ ማተሚያ ቤት በምሳሌነት እንውሰድ። 10 ደስጣ ወረቀት፣ አንዱን በ600 ብር ገዛ እንበል። ደረሰኙ 6,000 ብር ዋጋ፣ 900 ብር ታክስ፣ በድምሩ 6,900 ብር ያሳያል። 8 ደስጣው ለደንበኛ የፈተና ወረቀት ኅትመት፣ 1 ደስጣ ለቢሮ ሥራ ዋለ፤ ቀሪውን ባለቤቱ ለልጆቹ ወሰደው። እንግዲህ 4,800 ብር የኅትመት ጥሬ ዕቃ፣ 600 ብር የጽሕፈት መሣሪያ፣ 690 ብር ደግሞ ከነታክሱ የባለቤቱ የግል ወጪ ነው። ከሽያጭ ታክስ የሚቀናነሰው 810 ብር ብቻ ይሆናል።

ፎቶውን ብቻ ያየ ሠራተኛ ግን 6,000 ብሩን በሙሉ «የጽሕፈት መሣሪያ» ብሎ ቢመዘግብ አያስገርምም። ድምሩ ከደረሰኙ ጋር ስለሚስማማ ስሕተቱ በማመሳከር አይገኝም። የተጣራው ትርፍ በ600 ብር ብቻ ያንሳል፤ ያልተጣራው ትርፍ ግን ከእውነተኛው በ4,800 ብር ይበልጣል። ባለቤቱም በዚህ ሪፖርት ተመርቶ የቀጣዩን ኅትመት ዋጋ ሲተምን አብዛኛውን የወረቀት ወጪ ሳያስበው ይቀራል። በታክሱም ላይ 90 ብር ያላግባብ ይቀናነሳል።

የሻጩን ስም ከአንድ መደብ ጋር አስቀድሞ ማያያዝ ይበቃል የሚሉ አሉ። ለመብራትና ለኪራይ ክፍያ ይህ በእርግጥ ይሠራል፤ ምክንያቱም ለድርጅቱ ከአንድ ጉዳይ በላይ አይውሉም። ብዙ አገልግሎት ያለውን ዕቃ በሚሸጥ መደብር ግን ዘዴው ስሕተቱን ቋሚ ያደርገዋል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ገዢው ፎቶ ከማንሣቱ በፊት በደረሰኙ ጠርዝ ላይ «8 ለፈተና፣ 1 ለቢሮ፣ 1 ለግል» ብሎ በእስክሪብቶ ይጻፍ። ጽሑፉና ደረሰኙ በአንድ ፎቶ ይቀመጣሉ። የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ ወረቀት ቀለሙ ስለሚደበዝዝ ፎቶው በዕለቱ መነሣቱ ይጠቅማል፤ ዋናው ደረሰኝም አብሮ ይጠበቅ።

የመደብ ስሕተት መግባቱን ለማወቅ የወሩን የኅትመት ብዛት ከጥሬ ዕቃ ወጪው ጋር ማነጻጸር ይረዳል። ኅትመቱ ጨምሮ የጥሬ ዕቃ ወጪው ከቀነሰ፣ የጽሕፈት መሣሪያውም በዚያው ወር ካሻቀበ፣ ሪፖርቱ ከመቅረቡ በፊት ገዢውን መጠየቅ ያስፈልጋል።