«ቅርብ ነው» የምትለው የልደት ግጥም

የጓደኛዬ 65ኛ ልደት ሲደርስ ልጆቿ «አንቺ ታውቂያታለሽ፣ አንድ ነገር ግጠሚላት» አሉኝ። እዚህ ሆሳዕና «ዘፈን» ሲባል ቅር የሚለው ቤተ ዘመድ ስላለ «ግጥም በጭብጨባ» አልነው፤ ያው ነው።

የሁለታችን ቀልድ አንድ ቃል ናት። በ1970ዎቹ መጨረሻ የክትባት ሳጥን ተሸክመን በሐዲያና በከምባታ ገጠር በእግራችን ስንዞር፣ መንገድ የጠየቅነው ገበሬ ሁሉ «አይዟችሁ፣ ቅርብ ነው» ይለናል። ያ ቅርብ ሦስት ሰዓት ያስኬዳል፤ በረዶው እየቀለጠ፣ ጫማችን ጭቃ እየተሸከመ። ዛሬም ሩቅ የሆነ ነገር ሁሉ በእኛ ዘንድ «ቅርብ ነው»።

ችግሩ ልደት ላይ ነው። ጓደኛዬ ዘንድሮ ታማ ከርማለች። ቀልዱን የማያውቅ እንግዳ ለ65 ዓመት ሴት «ቅርብ ነው» ሲባል ቢሰማ ምን ይመስለዋል? ሞቷን! ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ስንኞች መንገዱን ማሳየት አለባቸው፤ ዕድሜ የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ቀልዱ መርዶ ይሆናል።

በጠዋት ተነስተን፣ ማታ የደረስነው፣
ባላገሩ ሲለን «አይዟችሁ ቅርብ ነው»፤
ሰማንያም እንደዚያው፣ ዘጠናም እንደዚያው፣
እህቴ ተራመጂ፣ «ቅርብ ነው» ይላል ያ ሰው።

ልኩ የወል ቤት ነው፤ ስንኙ መሃል ላይ ተከፍሎ ወዲህ ስድስት፣ ወዲያ ስድስት ይሆናል። የሚቆጠረው በአፍ እንጂ በፊደል አይደለም። «ቅርብ» ሲጻፍ ሦስት ፊደል ነው፣ ሲዜም ግን አንድ ጊዜ ብቻ ይወጣል። በጣት ፊደል የሚቆጥር ሰው ትክክለኛውን ስንኝ ረዘመ ብሎ ይቆርጠዋል። መፈተኛው ጭብጨባ ነው። በአንድ ስንኝ አራት ጊዜ አጨብጭቡ፤ እጃችሁ ቃል ከጠበቀ ስንኙ አጥሯል፣ ቃል እጃችሁን ካሯሯጠ ረዝሟል።

ከሁለት ስንኝ በኋላ እንግዳው በአንድ ድምፅ «ቅርብ ነው!» ብሎ ይቀበላል። በዚያ ቤት ሐዲይኛም ከምባትኛም ስለሚነገር ተቀባዩ ረጅም ቢሆን ግማሹ ሰው ያጉተመትም ነበር። ሁለት ቃል ግን ሕፃኑም ይይዛታል።

ባልደረቦቻችን ጭቃ ላይ የወደቀችበትን ቀን ጨምሪበት ብለውኝ ነበር። እሱን አልነካሁትም። አማቾቿ ተቀምጠዋል፤ ደግሞም ሁለት ቀልድ በአራት ስንኝ ውስጥ ከገባ አንዱም አይሰማም።

ሲዜም ከሁሉ ቀድማ የሳቀችው እሷ ናት። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ልጆቿም ገባቸው። ኬኩ ሲቆረስ ትንሹ የልጅ ልጅ «አያቴ፣ መቶ ዓመትሽ መቼ ነው?» ቢላት፣ ቢላዋውን እንደያዘች ወደ እኔ ዞራ «ቅርብ ነው!» አለች።